ትናንት እኩያ፣ ዛሬ አለቃ፦ ግሩፑ ለምን ዝም አለ?

ሄለን፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ርዕሳችን የሥራ አፈጻጸም ምዘና ነው። ከእኩዮቿ መካከል ተነሥታ የቡድን መሪ የሆነች ሰው ለቅርብ ጓደኛዋ ነጥብ መስጠት ሲኖርባት ምን ታደርጋለች? ዳዊት፣ ዛሬ በቀጥታ ወደ ርዕሱ ልንገባ ቃል ገብተሃል።

ዳዊት፦ ገብቻለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ግሩፑ።

ሄለን፦ ይኸው! ጀመረ።

ዳዊት፦ አንድ ደቂቃ ብቻ። ስድስት ሰው ያለበት ቡድን እንያዝ። አንዷ መሪ ሆነች፣ አምስት ቀሩ። ከአምስቱ አንዷ የልብ ጓደኛዋ ናት። አንዱ ደግሞ ለዚያው ቦታ ተወዳድሮ ያላለፈ ነው። እነዚህ ስድስት ሰዎች በስልካቸው የራሳቸው ግሩፕ አላቸው። ቀልዱም፣ ሐሜቱም፣ የድሮው አለቃ ስምም የሚነሣው እዚያ ነው። አሁን አለቃዋ እዚያ ውስጥ ተቀምጣለች። ምን ትሁን?

ሄለን፦ ዝም ብላ ትቀመጥ፤ ምን ችግር አለው? ዝም ማለት ትችላለች።

ዳዊት፦ እሷ ዝም ማለት ትችላለች። እነሱ ግን አይችሉም! ሰው ስለ አለቃው የሚያማርርበት ቦታ ያስፈልገዋል። እሷ ካልወጣች እነሱ ይወጣሉ። ማለት ሌላ ግሩፕ ይከፍታሉ። እሷ እንዴት ታውቃለች ካልሽኝ፣ የድሮው ግሩፕ ውስጥ «እንኳን ተወለድሽ» ብቻ ሲቀር ነው።

ሄለን፦ (ሳቅ) «እንኳን ተወለድሽ» እና አበባ።

ዳዊት፦ አበባ፣ ኬክ፣ ፊኛ። ከዚያ ለሦስት ሳምንት ጸጥታ። በቃ፣ ያ ግሩፕ ሞቷል፤ አስከሬኑን ይዛ የቀረችው እሷ ናት።

ሄለን፦ እሺ፣ ትውጣ። ሹልክ ብላ ነው የምትወጣው?

ዳዊት፦ አይ፣ ሹልክ ካለች «ኮራች» ይባላል። ግሩፑን ማጥፋትም አይሆንም፤ የእነሱ ነው። ሁለት መስመር ጽፋ ትውጣ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ፈረቃና ፈቃድ የምወስነው እኔ ስለሆንኩ፣ እዚህ መቆየቴ በነፃነት እንዳታወሩ ያደርጋችኋል። የሥራ ጉዳይ በሥራው ግሩፕ እንነጋገራለን።» ምክንያቱን ተናግራ ስትወጣ ማንም የራሱን ምክንያት አይፈጥርላትም። ከወጣች በኋላ ደግሞ ከባዱ ነገር ይመጣል፦ ጓደኛዋን «እዚያ ምን ተባለ?» ብላ አለመጠየቅ።

ሄለን፦ ኧረ! ጓደኛዋ እኮ ሳትጠየቅ ትነግራታለች።

ዳዊት፦ ለዚህ ነው አስቀድሞ መነጋገር የሚያስፈልገው። ካልተነጋገሩ ጓደኝየው ሳታስበው ጆሮ ጠቢ ትሆናለች። አንድ ቀን መሪዋ በግሩፑ ብቻ የተወራ ነገር ስብሰባ ላይ ታነሣለች፤ አራቱም ቀና ብለው ጓደኝየዋን ያያሉ። የተጎዳችው ጓደኝየዋ ናት፣ አለቃዋ አይደለችም።

ሄለን፦ እና ምን ትበላት?

ዳዊት፦ ሦስት ነገር። የመጀመሪያው የፈረቃ ፕሮግራም ከመውጣቱ በፊት፣ ለሁለት ሆነው። አንደኛ፣ «የማልነግርሽ ነገር ይኖራል፤ የሌሎችን ደመወዝ፣ ምዘና፣ የግል ችግር አልነግርሽም።» ሁለተኛ፣ «የማልጠይቅሽ ነገር አለ፤ እነሱ የሚሉትን አልጠይቅሽም፣ አንቺም አታምጪልኝ።» ሦስተኛ፣ «ጥያቄ ሲኖርሽ እንደማንኛውም ሰው በሥራ ሰዓት፣ በሥራው መንገድ ጠይቂኝ፤ ማታ በስልክ አይሁን።» ሦስተኛው ነው ብዙ ጊዜ የሚረሳው። ማታ የተጠየቀ ፈቃድ ሌሎቹ የማያዩት በር ነው።

ሄለን፦ ይሄ እኮ ጓደኝነቱን ይገድለዋል።

ዳዊት፦ ያጠበዋል። አይገድለውም።

ሄለን፦ አላመንኩም። ሰው ከጓደኛው ጋር ስለ ሥራ ማውራት ካልቻለ ምን ያወራል?

ዳዊት፦ ያ ጓደኝነት ሥራ ብቻ ከነበረ፣ አዎ፣ ልክ ነሽ፣ ይሳሳል። ይሄንን አልክድሽም።

ሄለን፦ ተወዳድሮ ያላለፈውስ? እሱን ረሳኸው።

ዳዊት፦ አልረሳሁትም። መጀመሪያ መነጋገር ያለባት ከእሱ ጋር ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት። ከጓደኛዋ ጀምራ እሱን በሳምንቱ መጨረሻ ከጠራችው መልእክቱ ደርሶታል። «ለአንተ ነበር የሚገባው» አትበለው። ካላመነችበት ውሸት ነው፤ ካመነችበትም የራሷን ወንበር ማናጋት ነው። «መወዳደርህን አውቃለሁ፣ ቀላል እንዳልሆነም ይገባኛል። የትኛውን ሥራ በራስህ ኃላፊነት ብትይዝ ትፈልጋለህ?» ትበለው። መልሱን ሰምታ አንድ ትክክለኛ ሥራ ትስጠው። የማትችለውን ግን ቃል አትግባ።

ሄለን፦ አሁን ወደ ምዘናው...

ዳዊት፦ ፈረቃው ቀረ እኮ! ሁሉም ነገር የሚበላሸው ፈረቃ ላይ ነው። ምዘና በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው፤ ፈረቃ በየሳምንቱ ነው።

ሄለን፦ (ሳቅ) አድማጮቻችን፣ ምዘናው ይመጣል። ቀጥል።

ዳዊት፦ ይህ ቡድን ቅዳሜና እሑድ አንድ ተረኛ ያስፈልገዋል እንበል። በሦስት ወር ውስጥ 13 ሳምንት አለ። ድሮ ስድስት ሆነው ሲካፈሉ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ደረሰ፣ አንድ ተረፈ። አሁን መሪዋ ከተራው ወጣች። አምስት ሰው ሁለት ሁለት ሲይዝ አሥር ነው፤ ሦስት ተረፈ። ስለዚህ ሦስት ሰዎች ሦስት ጊዜ ይገባሉ፣ ሁለት ሰዎች ሁለት ጊዜ። እነዚያ ሁለቱ እነማን ናቸው?

ሄለን፦ አንዷ ጓደኛዋ ከሆነች...

ዳዊት፦ አለቀ! በአጋጣሚም ቢሆን አለቀ። ማንም አጋጣሚ ነው ብሎ አያምንም። ስለዚህ ዕጣ ሁሉም ባለበት ይወጣል። ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ደግሞ የቀጣዩ ሦስት ወር ደንብ ይነገራል፦ አሁን ሁለት የገባ በሚቀጥለው ሦስት ይገባል፣ አሁን ሦስት የገባ ሁለት። አስቢው፦ ሁለቱ ሰዎች ሦስት ሦስት፣ ስድስት። ሦስቱ ሰዎች ሁለት ሁለት፣ ስድስት። አሥራ ሁለት። አንድ ትርፍ አለ።

ሄለን፦ ያንን እሷ ትግባው።

ዳዊት፦ እሷ ትግባው፣ እስማማለሁ።

ሄለን፦ እኔ እንዲያውም ከመጀመሪያው ሦስቱንም ትርፍ እሷ ትያዝ ነው የምለው። ያኔ አምስቱም እኩል ሁለት ሁለት ይገባሉ፤ ዕጣም የለም፣ ጭቅጭቅም የለም።

ዳዊት፦ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ብቻ ከሆነ። ከዚያ በኋላ ግን መሪዋ ክፍተት መሙያ ትሆናለች። ሰው በቀረ ቁጥር «እሷ ትገባለች» ይባላል። ሰኞ ደግሞ ደክሟት የራሷ ሥራ ያድራል። የመሪነት ሥራ ሲያድር ወዲያው አይታይም፣ ችግሩ እሱ ነው።

ሄለን፦ ግን ከእነሱ ጋር ስትገባ ያከብሯታል።

ዳዊት፦ ሁለት ሳምንት ያከብሯታል። ከዚያ ይለምዱታል።

ሄለን፦ ለዚህ ነው የማልስማማህ። ግን እንለፈው።

ዳዊት፦ እንለፈው። ፕሮግራሙ ወጣ፣ ጓደኝየው ትመጣለች፦ «የእኔን ሳምንት ቀይሪልኝ።» መሪዋ በራሷ ሥልጣን አትቀይርም። ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው፦ ተለዋጭ የምታገኚው ራስሽ ነሽ፣ ሁለታችሁም ሁሉም በሚያየው ሰንጠረዥ ላይ ትጽፋላችሁ፣ ከሦስት ቀን በፊት። መሪዋ የምትወስነው ድንገተኛውን ብቻ ነው፤ ሕመም፣ ሐዘን።

ሄለን፦ እና ድንገተኛውን ለጓደኛዋ ታደላለች።

ዳዊት፦ ብዙ ጊዜ ግልባጩ ነው የሚሆነው! አዲስ መሪ «ታዳላለች» እንዳይባል ጓደኛዋ ላይ ትጨክናለች። ይሄ ደግሞ ከራሷም ይደበቃል፣ ምክንያቱም ፍትሐዊ የሆነች ይመስላታል። መድኃኒቱ መመዝገብ ነው። ማን ጠየቀ፣ መቼ፣ ምን፣ ተፈቀደ ወይስ አልተፈቀደ፣ ለምን። ከሦስት ወር በኋላ ታየዋለች። ጓደኝየው ሦስት ጠይቃ ሦስቱም ተከልክለው፣ ሌሎቹ ስምንት ጠይቀው ስድስቱ ተፈቅዶላቸው ከሆነ፣ ምክንያቶቹን ጎን ለጎን ታንብባቸው። ተመሳሳይ ምክንያት ለአንዱ «እሺ»፣ ለሌላዋ «አይሆንም» ተብሎ ካገኘች፣ ጓደኛዋን እየቀጣች ነው።

ሄለን፦ ይሄ የሚያሳዝን ነው። «ለወዳጅነታችን ስል ከለከልኩሽ» ዓይነት።

ዳዊት፦ ልክ እንደዚያ። ጓደኝየዋም «እንኳን ተወለድሽ» ብቻ ትጽፍላታለች።

ሄለን፦ (ሳቅ) ምዘና! ጊዜያችን አልቋል። ምዘና፣ ዳዊት።

ዳዊት፦ እሺ፣ እሺ። ምዘና ላይ አንድ ወጥመድ አለ። መሪዋ የጓደኛዋን ችግር ታውቃለች። ጓደኝየው ሪፖርት ብታዘገይ፣ ያ ሳምንት ቤቷ ውስጥ ምን እንደነበረ ታውቃለች። ሌላው ሠራተኛ ሪፖርት ሲያዘገይ ግን ስለ ቤቱ ምንም አታውቅም። ስለዚህ ለጓደኛዋ «ተቸግራ ነው» ትላለች፣ ለእሱ «ግድ የለሽ ነው»። ሁለቱም ያዘገዩት እኩል ሁለት ቀን ነው።

ሄለን፦ ኦ! ይሄ ሆን ብሎ ማዳላት አይደለም ማለት ነው።

ዳዊት፦ አይደለም፣ ለዚያ ነው የማይያዘው። ስለዚህ ነጥብ ከመስጠቷ በፊት አምስቱንም ተመሳሳይ ጥያቄ ትጠይቅ፦ «በዚህ ጊዜ ሥራህን ያደናቀፈ ነገር ምን ነበር?» ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ሰዓት። ቀጥሎ ማስረጃውን ትጻፍ፦ ቀን፣ ሥራ፣ ውጤት። ነጥቡ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አስቀድማ «አራት» ብላ ወስና ማስረጃ ከፈለገች ለአራት የሚሆን ማስረጃ ታገኛለች።

ሄለን፦ በየትኛው ቅደም ተከተል?

ዳዊት፦ ሥራውን ከሁሉ በታች ከምታውቀው ሰው ትጀምር። ሌላው ደግሞ ሰውን ጨርሶ ወደ ሰው አለመሄድ ነው። አንድ መለኪያ ይዛ አምስቱንም ትመዝን፣ ለምሳሌ ሪፖርት በሰዓቱ ማስረከብን፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ መለኪያ። ያኔ ሁለት ቀን ያዘገዩት ሁለቱ ጎን ለጎን ይወጣሉ። አንዷ አራት፣ አንዱ ሁለት ከሆኑ ዓይኗ ላይ ይታያል።

ሄለን፦ የእሷ አለቃስ ማወቅ አለበት?

ዳዊት፦ ምዘናው ከመድረሱ በፊት «እሷ የቅርብ ጓደኛዬ ናት፣ የመጀመሪያውን ምዘናዬን ከማስረጃው ጋር እይልኝ» ትበለው። ከዘገየ በኋላ ከተነገረ እንደ ኑዛዜ ይሆናል።

ሄለን፦ ጓደኝየው ዝቅተኛ ነጥብ ብታገኝና ብትከፋስ? እሱን አልነገርከንም።

ዳዊት፦ መጀመሪያ ማስረጃውን፣ ከዚያ ነጥቡን ትንገራት፤ ከዚያ ዝም ትበል። «ታውቂኛለሽ እኮ፣ ተቸግሬ ነው» እያለች ይቅርታ አታብዛ፣ ምክንያቱም ያኔ የምትጽናናው አለቃዋ ትሆናለች። ጓደኝየዋም ትንሽ ታኮርፍ ይሆናል፤ ጊዜ ያስፈልጋታል።

ሄለን፦ ስንት ጊዜ?

ዳዊት፦ እሱን አላውቅም። የልደት ቀኗ ከመድረሱ በፊት ግን ቢያልፍ ጥሩ ነው።

ሄለን፦ አለበለዚያ አበባ፣ ኬክ፣ ፊኛ። በሚቀጥለው ክፍል ስለ ስብሰባ እናወራለን፣ ዳዊት ከፈቀደ።

ዳዊት፦ መጀመሪያ ስለ ግሩፑ አንድ ነገር...

ሄለን፦ ደህና ሁኑ!