ሲሙ አገር ቤት ቀርቶ ኮዱ ሳይመጣ ሲቀር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ከአዲስ አበባ ወደዚህ ወደ ዋሽንግተን አካባቢ የመጣ ሰው ሻንጣውን ፈትቶ ሳይጨርስ የሚገጥመው ችግር አለ። አዲስ ስልክ ይገዛል፣ ጂሜይሉን ሊከፍት ፓስዎርዱን በትክክል ያስገባል፣ ጎግል ግን የማረጋገጫ ኮድ በቴክስት ልኬያለሁ ይለዋል። ኮዱ የሚሄደው በ09 ወደሚጀምረው የአገር ቤት ቁጥር ነው። ሲሙ ወይ እዚያው ቀርቷል፣ ወይ አብሮት መጥቶ ሮሚንግ ስላልተከፈተለት ኔትወርክ የለውም። የኢሚግሬሽን ቀጠሮውና የትምህርት ማስረጃው ያሉት ደግሞ በዚያው ኢሜይል ውስጥ ነው።

ብዙዎቻችን እዚህ ላይ "እንደገና ላክ" የሚለውን ደጋግመን እንጫናለን። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ሙከራው ሲበዛ ጎግል ለጊዜው ይዘጋባችኋል፤ ቁጥሩ የማይሠራ ከሆነ ደግሞ መቶ ጊዜ ቢላክም አይደርስም። ከዚያ ይልቅ ስክሪኑን በደንብ እዩት። የቁጥሩ የመጨረሻ ሁለት አሃዞች ይታያሉ፤ የትኛው ቁጥር እንደሆነ ከእነሱ ትለያላችሁ። ከዚያ በዚያ ቁጥር ላይ ደውሉ። ከጠራና ሲሙ በቤተሰብ እጅ ካለ፣ ስልክ ላይ እያዋራችኋቸው ኮዱን አስልኩና ወዲያው ያንብቡላችሁ። የማታውቁት ሰው ካነሳው ግን ቁጥሩ ለሌላ ተሰጥቷል ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ የቆየ ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል።

የአንዲት እህታችንን ጉዳይ ላንሳ። ሲሟን ለወንድሟ ትታ መጣች፤ እሱ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው። ኮዱ ባስፈለገ ጊዜ ሲሙን አውጥቶ ስልክ ውስጥ ቢከተው ተዘግቷል። እሷ ሁሉም ነገር ያበቃ መስሏት አለቀሰች። እኔ የጠየቅኋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "አሮጌው ስልክሽ የት አለ?" ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ከሻንጣዋ ሥር ወጣ። ሲም የለውም፣ ጂሜይሏ ግን ከውስጡ አልወጣም ነበር።

ቻርጅ አድርገን ከዋይፋይ ጋር አገናኘነው። በአዲሱ ስልክ ላይ ኮዱን ከመጠበቅ ይልቅ Try another way የሚለውን ተጫነች። ከቀረቡላት አማራጮች በሌላው ስልክ ላይ "አዎ" ብሎ ማረጋገጥን መረጠች። ያ የተሰነጠቀ ስክሪን በርቶ "ለመግባት የምትሞክሪው አንቺ ነሽ?" አላት፤ አረጋገጠችና ገባች። ይህ ማረጋገጫ በኢንተርኔት ስለሚመጣ ሲም አይፈልግም። ስለዚህ አሮጌ ስልካችሁን ለሰው ከመስጠታችሁ ወይም ከመሸጣችሁ በፊት አዲሱ ላይ መግባታችሁን አረጋግጡ።

አሮጌው ስልክ ከሌለስ? ቀድሞ የተቀመጠ መጠባበቂያ ኮድ ካለ ያድናል። ጎግል በአንድ ጊዜ 10 ኮዶች ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ባለ 8 አሃዝ ነው፣ አንዴ ብቻ ይሠራል። አዲስ ዝርዝር ካወጣችሁ የድሮው ዋጋ የለውም። ኦተንቲኬተር የሚባለውን መተግበሪያ የጫናችሁም ኔትወርክ ሳያስፈልጋችሁ ኮድ ታገኛላችሁ። ነገር ግን እሱ በሰዓት ላይ የተመሠረተ ነው። የስልካቸውን ሰዓት በእጅ ወደ አገር ቤት አቆጣጠር፣ ማለትም ስድስት ሰዓት ዝቅ አድርገው የሚያስተካክሉ አሉ፤ እንዲህ ሲሆን ኮዱ "የተሳሳተ ነው" ይባላል። ሰዓቱን ወደ አውቶማቲክ መልሱት።

ይህ ሁሉ ከሌለ የመጨረሻው በር accounts.google.com/signin/recovery ነው። እዚያ ጎግል ማንነታችሁን የሚለየው ከልማዳችሁ ነው፤ ከዚህ በፊት የገባችሁበትን ኮምፒውተር፣ ያንኑ ብራውዘር፣ የተለመደውን ቦታ ያያል። ከአገር ቤት ይዛችሁት የመጣችሁት ላፕቶፕ ካለ አዲሱን ስልክ ትታችሁ በእሱ ሞክሩ። የሚያስታውሱትን የቀድሞ ፓስዎርድ ማስገባትም ይረዳል። መልሱ ቀናት ሊወስድ ይችላል፣ አንዳንዴም አካውንቱ ጨርሶ አይመለስም። ይህን የምነግራችሁ "ገንዘብ ክፈሉኝና አስከፍትላችኋለሁ" የሚል ሰው ሲመጣ እንዳታምኑት ነው። ጎግል እንዲህ ዓይነት ደላላ የለውም፤ ያ ሰው የሚፈልገው ገንዘባችሁንና ፓስዎርዳችሁን ነው።

እህታችን ከገባች በኋላ ያደረገችውን ልንገራችሁና ልጨርስ። እዚያው ቁጭ ብላ የአሜሪካ ቁጥሯን አስገባች፣ የተዘጋውን የአገር ቤት ቁጥር ሰረዘች፤ ነገ ለሌላ ሰው ቢሰጥ ኮዷ ወደዚያ ሰው እንዳይሄድ ነው። አሥሩን መጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት አትማ ከፓስፖርቷ ጋር አስቀመጠች። ዛሬ ስልካችሁን የያዛችሁ ሁሉ myaccount.google.com ላይ ግቡና የተመዘገበው ቁጥር የትኛው እንደሆነ እዩ፤ የሚቸገር ካለ እኔ ከስብሰባው በኋላ እዚሁ እቆያለሁ።

አመሰግናለሁ።