ከፓኬጁ በፊት ወረፋው ይታይ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ክቡራትና ክቡራን፤

እዚህ የተሰበሰብነው የቤትና የትንሽ ቢሮ ኔትወርክ ስንዘረጋና ስንጠግን የኖርን ሰዎች ነን። «አንድ ሰው ትልቅ ፋይል መላክ ሲጀምር የሁላችንም ኢንተርኔት ይቆማል» የሚለውን አቤቱታ ያልሰማ በመካከላችን የለም። የሚሰጠውንም መልስ ታውቁታላችሁ፦ «መስመሩ አንሷችኋል፤ ከፍ ያለ ፓኬጅ ግዙ።» ዛሬ እዚህ የቆምኩት ይህ መልስ ስህተት ነው ለማለት ነው።

አንድ ቤት እንውሰድ። አፕሎዱ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ነው፤ መስመሩ ሥራ ሲፈታ ፒንጉ 30 ሚሊሰከንድ ያሳያል። ከቤተሰቡ አንዱ 600 ሜጋባይት የሚሆን ቪዲዮ መላክ ጀመረ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ኮምፒውተሩ ለራውተሩ በሰከንድ መቶ ሜጋቢትና ከዚያ በላይ ማቀበል ይችላል፤ ሞደሙ ግን ወደ ውጭ የሚያወጣው 4 ብቻ ነው። የተረፈው ሞደሙ ባፈር ውስጥ ይከማቻል። ባፈሩ 1 ሜጋባይት ቢይዝ፣ ያ 8 ሜጋቢት ስለሆነ ተራው ደርሶ ለመውጣት 2 ሰከንድ ይወስዳል። ባፈሩ ደግሞ አንዴ ከሞላ በኋላ አይጎድልም፤ ከፊት አንድ ፓኬት ሲወጣ ከኋላ ሌላ ይተካል። ስለዚህ ለ20 ደቂቃ ያህል ከዚያ ቤት የሚወጣ ማንኛውም ፓኬት፣ የማንም ይሁን የማን፣ 2 ሰከንድ ይጠብቃል።

አሁን ወደ ሌላው ክፍል እንሂድ። እዚያ ያለችው ሰው አንድ ገጽ ልትከፍት ነው። መጀመሪያ የዲኤንኤስ ጥያቄ ይወጣል፤ 2 ሰከንድ። ቀጥሎ ከሰርቨሩ ጋር ግንኙነት ይከፈታል፤ 2 ሰከንድ። የምስጠራ ስምምነቱ ሌላ 2፣ የገጹ ጥያቄ ራሱ ሌላ 2። የገጹ የመጀመሪያ ፊደል ሳይመጣ 8 ሰከንድ አለፈ። ከመስመሩ የተጠቀመችው እኮ ጥቂት ሺህ ባይት እንኳ አይሞላም! ዳውንሎዱም አብሮ ይንገዳገዳል፤ ፓኬት በደረሰ ቁጥር «ደርሶኛል» የሚለው ትንሽ መልስ የሚሄደው በዚያው በተጨናነቀው አፕሎድ በኩል ነውና። የድምፅ ጥሪማ አይነሳ፤ ለንግግር የሚመከረው መዘግየት በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ እንዳይበልጥ ነው።

ይህ ችግር ባፈርብሎት ይባላል። ምንጩ የሰዎቹ አጠቃቀም አይደለም። ቲሲፒ መስመሩ መጨናነቁን የሚያውቀው በዋናነት ፓኬት ሲጠፋ ነው፤ እስኪጠፋ ድረስ ፍጥነቱን እየጨመረ ይሄዳል። ሜሞሪ ሲረክስ አምራቾች «ፓኬት አይጥፋ» ብለው ባፈሩን አገዘፉት። በዚህም ላኪው ሊሰማው የሚገባውን ምልክት አፈኑበት። ላኪው መስመሩ የሰፋ እየመሰለው ይገፋል፤ ወረፋው ይረዝማል።

መፍትሔው ገና ይፈለጋል ብትሉኝ በዝምታ እቀመጥ ነበር። ግን ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን ኮደል የተባለውን ዘዴ ካሳተሙ ከ2012 ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነ? ኮደልን መሠረት ያደረገው fq_codel በ2018 RFC 8290 ሆኖ ወጥቷል። የእሱ ተከታይ cake በዚያው ዓመት ሊኑክስ ውስጥ ገብቷል። ሁሉም በነፃ የተሰጠ ነው! ይህ ሁሉ እያለ ራውተር በደንቆሮ ወረፋ ተሞልቶ፣ ካርቶኑ ላይ የፍጥነት ቁጥር ብቻ ተጽፎበት ይሸጣል። ደንበኛው ሲያማርር ደግሞ ሌላ ፓኬጅ ይሸጥለታል። ሰው ላልተጠገነ ዕቃ ሁለት ጊዜ ሊከፍል አይገባውም!

እንደ fq_codelና cake ያለው ዘዴ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ እያንዳንዱን ግንኙነት በየራሱ ወረፋ ያሰልፋል፤ ብዙ የሚልከው የሚያስረዝመው የራሱን ወረፋ ብቻ ነው፣ በትንሽ በትንሹ የሚልከው ደግሞ ቶሎ ያልፋል። ሁለተኛ፣ ፓኬት ወረፋ ውስጥ የቆየበትን ጊዜ ይለካል፤ ቆይታው ለ100 ሚሊሰከንድ ያህል ከ5 ሚሊሰከንድ በታች አልወርድ ካለ አንድ ፓኬት ይጥላል። ላኪው ምልክቱን ያገኛል፣ ፍጥነቱን ያበርዳል።

ብዙ ባለሙያ የሚስተው ግን የሚቀጥለውን ነው። ወረፋ የሚፈጠረው ጠባቡ ቦታ ላይ ነው፤ ጠባቡ ቦታ ደግሞ ሞደሙ ነው፣ እኛ የማናዝበት። ራውተሩ ላይ cake ጭናችሁ ፍጥነቱን ካልገደባችሁት ወረፋው እዚያው ሞደሙ ውስጥ ይቀራል፤ ምንም አይለወጥም። ስለዚህ ራውተሩን ሆን ብላችሁ ከሞደሙ ትንሽ ጠበብ ታደርጉታላችሁ። ከተለካው ከ85 እስከ 95 በመቶ ጥሩ መነሻ ነው። ለዚያ ቤት 90 በመቶ ብንወስድ 3600 ኪሎቢት ይሆናል። ቪዲዮው በ20 ደቂቃ ፈንታ በ22 ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ይሄዳል። የጥሪው ፓኬት ግን ከፊቱ አንድ ትልቅ ፓኬት እስኪወጣ ቢጠብቅ ነው፤ ይህም ከ3 ሚሊሰከንድ እምብዛም አይበልጥም። በሁለት ደቂቃ ልዩነት ቤቱ በሙሉ ይሠራል!

አሠራሩን ልንገራችሁ። በOpenWrt ራውተር luci-app-sqm የተባለውን ትጭናላችሁ፤ Network ሥር SQM QoS ይመጣል። በይነገጹን WAN አድርጉ፣ ሁለቱን ፍጥነቶች ሙሉ፣ Queue Discipline ላይ cake እና piece_of_cake.qos ምረጡ። ቁጥሩ በኪሎቢት ነው፤ በኪሎባይት የሞላ ሰው መስመሩን በስምንት አካፍሎ ይወጣል። 0 ከገባ ደግሞ በዚያ አቅጣጫ ገደብ የለም ማለት ነው። ተራ ሊኑክስ ላይ፣ ወደ ውጭ የሚወጣበት ካርድ eth1 ከሆነ፣ ለአፕሎዱ ይህ ይበቃል፦

```
tc qdisc replace dev eth1 root cake bandwidth 3600kbit
```

ከዚያ በኬብል ከተገናኘ ኮምፒውተር ፒንግ እያስኬዳችሁ ትልቅ ፋይል ላኩ። ከ30 ተነስቶ 35 ወይም 40 ላይ ከረጋ ጨርሳችኋል። ወደ መቶዎቹ ከወጣ ገደቡን በ5 በመቶ እየቀነሳችሁ ድገሙ። በዋይፋይ አትለኩ፤ ዋይፋይ የራሱ ወረፋ ስላለው ያሳስታችኋል።

ቀነሳችሁም ፒንጉ አልወርድ ካለ ሃርድዌር ኦፍሎዲንግ በርቶ እንደሆነ እዩ፤ ፓኬቱ SQMን ሳይነካ ያልፋል፣ መጥፋት አለበት። ፍጥነቱ ካስገባችሁት በጣም ወርዶ ከታየ የራውተሩ ፕሮሰሰር አቅም አንሶታል። በሞባይል ኔትወርክ የሚሠራ መስመር ፍጥነቱ በየደቂቃው ስለሚለዋወጥ ቋሚ ገደብ አይመቸውም፤ ዝቅ ያለውን መያዝ ወይም cake-autorateን መጠቀም ነው።

ከዚህ ጉባኤ አንድ ውሳኔ እንዲወጣ እጠይቃለሁ። መስመር ስናስረክብ በምንሞላው ወረቀት ላይ ከፍጥነቱ ጎን አፕሎድ እየተደረገ የተለካው ፒንግ ይጻፍ። ያ ቁጥር ሳይታይ ለማንም ሰው ከፍ ያለ ፓኬጅ ግዛ አንበል።

አመሰግናለሁ።