ሦስት ሰዓት፣ አራት መቶ ብር፦ ተወዳዳሪን በአጭር የሚከፈልበት ሥራ መመዘን

[ምስል፦ ጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ። የዘይትና የስኳር ጅምላ ሱቅ። ባለቤቷ ባንኮኒው ላይ የደረሰኝ ክምር ይዘው።]

ተራኪ፦ እኚህ ሴት የሒሳብ ሠራተኛ ሊቀጥሩ ነው። ማስታወቂያው በር ላይ ከተለጠፈ ሳምንት አልሞላውም፤ ጠረጴዛው ግን በማመልከቻ ተሞልቷል። ግማሹ ከዩኒቨርሲቲው በቅርብ የተመረቀ ነው። የቀረው «የአሥር ዓመት ልምድ» ብሎ ጽፏል። ስልኩም አላረፈም፦ «እትዬ፣ የእህቴ ልጅ አለ፤ ጨዋ ነው፣ ግድ የለሽም» የሚል ዘመድ አይጠፋም።

ባለቤቷ እንበልና ምናባዊ ናቸው፤ ችግራቸው ግን የብዙ ሱቅ ችግር ነው። ወረቀቱ ስለ ትምህርት ይናገራል፣ ስልኩ ስለ ዝምድና። የአንድ ሳምንት ደረሰኝ ተዘርግቶለት ሒሳቡን ማስታረቅ የሚችለው ማን እንደሆነ ግን ሁለቱም አይናገሩም። እሱን ለማወቅ ደረሰኙን መዘርጋት ነው።

[ምስል፦ ነጭ ሰሌዳ። «የሙከራ ሥራ» እና «የሙከራ ጊዜ» ጎን ለጎን።]

ተራኪ፦ እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንለይ። የሙከራ ጊዜ የሚባለው ከቅጥር በኋላ የሚመጣ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በጽሑፍ ስምምነት ይደረጋል፣ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ ሰውየውም በዚያ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛ ነው፤ ደመወዙም መብቱም አለው። የዛሬው ርዕሳችን ከዚያ በፊት ያለው ነው፦ ገና ላልተቀጠረ ሰው የሚሰጥ፣ በሰዓት የተወሰነ፣ የሚከፈልበት አጭር ሥራ። «እስቲ ሁለት ሳምንት በነፃ ሥራና እንይህ» የሚባለው ልማድ ከሁለቱም የለም። ያ በነፃ ማሠራት ነው።

[ምስል፦ እጅ የደንበኛ ስም በወፍራም ጥቁር ቀለም ሲሸፍን።]

ተራኪ፦ ባለቤቷ ሥራውን እንዴት አዘጋጁት? አዲስ ሒሳብ አልሰጡም። ያለፈ፣ የተዘጋ፣ መልሱ የሚታወቅ አንድ ሳምንት መረጡ፤ የ2017 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን። ጎንደር ላይ ያ ሳምንት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። እንግዳው ብዙ፣ ዱቤው ብዙ፣ ደረሰኙም ዝብርቅርቅ ነው። ለፈተና ይመቻል። የደንበኞች ስምና ስልክ ተሸፈነ፣ ወረቀቱም ኮፒ ተደረገ። የሰው የዱቤ ዕዳ ለማያውቀው ተወዳዳሪ የሚታይ ነገር አይደለምና።

ያለፈ ሒሳብ መምረጡ ሁለት ጥቅም አለው። መልሱ ስለሚታወቅ እርማቱ በግምት አይሆንም። ሱቁም ከተወዳዳሪዎቹ ሥራ አንዲት ሳንቲም አያተርፍም። ለአንዱ የመስከረምን፣ ለሌላው የጥቅምትን፣ ለሦስተኛው የኅዳርን ያልተሠራ ሒሳብ ብታከፋፍሉ ኖሮ ሦስት ወር ውዝፍ በርካሽ ተጠናቀቀ ማለት ነው። ተወዳዳሪም የሚጠረጥረው በዚህ ምልክት ነው፦ ለእያንዳንዱ የተለያየ ሥራ ከተሰጠ፣ «ሲያልቅ አምጣው» ከተባለ፣ እንዴት እንደሚታረም የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ እዚያ ምዘና የለም።

[ምስል፦ አራት ወረቀቶች በቅርብ። በእያንዳንዱ ላይ ቀይ ክብ።]

ተራኪ፦ በሳምንቱ ውስጥ አራት እንከኖች አሉ። አንዱ ሽያጭ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል፤ አንዴ በእጅ ደረሰኝ፣ አንዴ በቴሌብር ማረጋገጫ። አንድ ደንበኛ የከፈለው የቆየ ዱቤ እንደ አዲስ ሽያጭ ገብቷል። ሦስተኛው የቀን አቆጣጠር ነው። የሱቁ መዝገብ ጥር 6 ላይ 2,600 ብር ገባ ይላል፣ የክፍያው ዝርዝር ደግሞ ያንኑ ገንዘብ 14/01/2025 ብሎ አስፍሯል። ሁለቱ አንድ ቀን መሆናቸውን ያላየ ሰው «2,600 ብር ጠፋ» ብሎ ይጮኻል።

አራተኛው ላይ ትንሽ እንቆይ። ዓርብ ጥር 9 የተሸጠው 18,400 ብር ነው። በእጅ 7,250፣ በቴሌብር 6,800፣ በዱቤ 4,000 ብር ይታያል። ደምሩት፤ 18,050 ነው። 350 ብር የለም። የሚያስረዳው ደረሰኝም የለም፤ ባለቤቷ ራሳቸው እስከ ዛሬ አላገኙትም። እዚህ የሚፈለገው ገንዘቡን ማግኘት ሳይሆን «350 ብር ማስረጃ አልተገኘለትም» ብሎ መጻፍ ነው። ሒሳቡ እንዲዘጋ ብሎ «ልዩ ልዩ ወጪ 350» የሚል መስመር የፈጠረ ሰው ነገ በ3,500ም ያንኑ ያደርጋል።

ይህ ወጥመድ አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ በመመሪያው ላይ ነው ያለው። ተወዳዳሪዎቹ በሚቀበሉት ገጽ ላይ «ማስታረቅ ያልቻላችሁትን ልዩነት ለብቻው ጻፉ፤ ልዩነት መቅረቱ ነጥብ አያስቀንስም» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ያ ባይኖር ኖሮ በቀድሞ መሥሪያ ቤቱ «አዘጋጀውና ዝጋው» እየተባለ የሠራን ሰው ባልነገሩት ሕግ መቅጣት ይሆን ነበር። ጠረጴዛ ላይ ብር ትቶ «ይወስድ ይሆን?» ብሎ በቀዳዳ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። ያንን የሚያደርጉ አሉ። እኔ በበኩሌ ነውር ነው እላለሁ፤ የሚለካውም ሙያ አይደለም።

[ምስል፦ ካልኩሌተር። 10,400 ÷ 208።]

ተራኪ፦ ስንት ይከፈል? ለቦታው የታሰበው ደመወዝ በወር 10,400 ብር ነው እንበል። በወር 26 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 208 ሰዓት ይሆናል፤ ሲካፈል በሰዓት 50 ብር። ሥራው ሦስት ሰዓት ስለሆነ 150 ብር ይደርሳል። ግን ከአዘዞ የሚመጣ ሰው የመሄጃና የመመለሻ ትራንስፖርት አለበት፤ ግማሽ ቀኑም ሄዷል፤ በሌላ ቦታ ተቀጥሮ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ፈቃድ ጠይቆ ነው የመጣው። ባለቤቷ ስለዚህ 400 ብር ቆረጡ፤ የግማሽ ቀን ደመወዝ ከነትራንስፖርቱና ከትንሽ ጭማሪ ጋር።

ገንዘቡ የሚከፈለው ለመጣ ሁሉ እኩል ነው፤ ላለፈም ለወደቀም፣ ለጨረሰም ላልጨረሰም፣ ወረቀቱን ባስረከበበት ሰዓት። «ላለፈው እንከፍላለን» ማለት ክፍያ ሳይሆን ሽልማት ነው። ገንዘቡ ቀጣሪውንም ይገራል። ነፃ ቢሆን ሃያ ሰው ይጠራ ነበር፤ ሲከፈል ግን በማመልከቻ አጣርቶ የእውነት ሊቀጥራቸው የሚችላቸውን ሦስት ብቻ ይጠራል። ሦስት ጊዜ 400፣ 1,200 ብር። የማይሆን ሰው ቀጥሮ በሙከራ ጊዜው መጨረሻ ማሰናበት ከሁለት ወር ደመወዝ በላይ ያስወጣል።

[ምስል፦ ሦስት ሰዎች በአንድ ክፍል፣ ተራርቀው። ወረቀታቸው ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ።]

ተራኪ፦ ሦስቱም በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ክፍል ተቀመጡ። ምክንያት አለው። ቀኑ ከተለያየ ሰኞ የተፈተነው ማክሰኞ ለሚፈተነው ይነግረዋል። ጥያቄ ከተነሳም መልሱ ለሁሉም ይነገራል። አንዱ «ዱቤው ከነተጨማሪ እሴት ታክሱ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ባለቤቷ ጆሮው ላይ አልመለሱም፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አዎ፣ 15 በመቶው ገብቶበታል» አሉ። በኮምፒውተር መሥራት የፈለገ በኮምፒውተር፣ በወረቀት የፈለገ በወረቀት ሠራ። የእጅ ጽሑፍ ማማርና ቀድሞ መነሣት ነጥብ የላቸውም።

የነጥቡ ሰንጠረዥ ከፈተናው በፊት ተጽፎ አልቋል። ለየቀኑ ድምር 6፣ ሁለቴ ለተመዘገበው 3፣ ለዱቤው 3፣ ለቀን አቆጣጠሩ 3፣ ለ350ው ብር 5፤ በድምሩ 20። ከሥሩም አንድ መስመር አለ፦ በ350ው ብር ዜሮ ያገኘ አይቀጠርም። ወረቀቱን የሚያርሙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ባለቤቷና የዓመቱን ግብር የሚሠራላቸው የውጭ ሒሳብ ባለሙያ። ተነጋግረው አይደለም የሚያርሙት። በየራሳቸው አርመው ነጥብ የሚለያዩበት ላይ ብቻ ይከራከራሉ። ባለሙያው ስም አያይም፣ ፊደል ብቻ።

[ምስል፦ ሀ 15፣ ለ 16፣ ሐ 14።]

ተራኪ፦ ሀ ድምሮቹን ሁሉ አገኘ፣ ሦስቱን እንከኖችም ለየ፣ 350ውን ግን «ልዩ ልዩ ወጪ» አድርጎ ዘጋው። ለ የመጨረሻውን ቀን ስላልጨረሰች አንድ ነጥብ አጣች፣ ዱቤውም አመለጣት፤ 350ውን ግን ለብቻው ጽፋለች። ሐ ድምሩ ትክክል ነው፣ ዱቤውንና 350ውን አይቷል፣ ሁለቴ የተመዘገበውንና ቀኑን አላየም።

ባለቤቷ ሀን ወደውት ነበር። ወረቀቱ ንጹሕ ነው፣ ቀድሞ የጨረሰውም እሱ ነው። «ያቺ 350 ብር ምን አላት፤ ሁለት ነጥብ ብናደርጋትስ?» አሉ። ባለሙያው እምቢ አለ። ሰንጠረዡ ቀድሞ የሚጻፈው ለዚች ቅጽበት ነው። ወረቀት ካየን በኋላ ነጥብ ከቀየርን ሥራውን መመዘን ትተን የወደድነውን ሰው እያሳለፍን ነው።

ለ እና ሐ ቀሩ። 16 እና 14 ግን ያን ያህል የሚራራቁ አይደሉም፤ በሦስት ሰዓት ፈተና የሁለት ነጥብ ልዩነት የእንቅልፍ ማጣት ጉዳይም ሊሆን ይችላል። ጥናቱም ለዚህ ልክ ያበጅለታል። በ1998 እ.ኤ.አ. ሽሚት እና ሃንተር የተባሉ ተመራማሪዎች ያሰባሰቡት ማስረጃ የሥራ ናሙናን፣ ማለትም እንዲህ ያለውን የሙከራ ሥራ፣ ከምርጫ ዘዴዎች ሁሉ አናት ላይ አስቀምጦት ነበር። በ2022 ሳኬትና ባልደረቦቹ ስሌቱን እንደገና ሲያዩት ግምቱ ዝቅ አለ፤ ለሁሉም ተመሳሳይ ጥያቄ የሚቀርብበት የተደራጀ ቃለ መጠይቅ በለጠው። የልምድ ዓመት ብዛት በሁለቱም ጥናቶች ታችኛው ረድፍ ላይ ነው ያለው።

ስለዚህ ሁለቱ በማግሥቱ ተጠሩ፤ ተመሳሳይ አምስት ጥያቄ፣ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል። ለ «ዱቤው ያመለጠሽ እንዴት ነው?» ስትባል ወረቀቱን አይታ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስህተቱን አገኘችው። ሐ ሁለቴ የተመዘገበውን ደረሰኝ እየተጠቆመም አላየውም። ለ ተመረጠች። ዋስ አምጪ የተባለችውም ያኔ ነው፤ ሦስቱንም ዋስ እያስለመኑ ማንከራተት ለምን? ደንበኛ ማስተናገዷ፣ በሰዓቷ መግባቷ፣ በዓል ሲደርስ መታገሧ በሦስት ሰዓት የሚታይ አይደለም፤ የሙከራ ጊዜው ለዚያ ነው።

[ምስል፦ ባለቤቷ ስልክ ሲደውሉ።]

ተራኪ፦ ለሁለቱ ሳይመረጡ ለቀሩት በሦስት ቀን ውስጥ ተደወለ። ለሀ የተነገረው «አልተመረጥክም» ብቻ አልነበረም፤ ነጥቡና የ350ው ብር ነገር ከነምክንያቱ ተነገረው። «የበፊቱ አለቃዬ እንደዚያ ነበር የሚያሠራን» አለ። ሊሆን ይችላል፤ መመሪያው ላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር ግን አንብቦታል።

ወረቀቶቹ ተቀዳደው ተጣሉ። ጎንደር ላይ የሒሳብ ሰው እርስ በርሱ ይተዋወቃል፤ የጥምቀቱ ሳምንት መልስ አሁን ከተማው ውስጥ አለ። በሚቀጥለው ቅጥር ሌላ ሳምንት ይመረጣል፣ ቁጥሩም እንከኑም ይቀየራል።