አንዱን የግብር ቅናሽ ሁለት ጊዜ አንቁጠር

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

አዘጋጆቹ የጋበዙኝ ስለ ካፒታል ወጪ ባጠቃላይ እንድናገር ነው። እናገራለሁ። ግን ዓመታት ሙሉ ሆዴን ሲበላኝ የኖረ አንድ ነገር አለ። ዛሬ እሱን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም።

ዋክን፣ ማለትም የተመዘነውን አማካይ የካፒታል ወጪ፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ባለአክሲዮኑ የሚጠብቀውንና አበዳሪው የሚጠይቀውን እንደየድርሻቸው መዝነን አማካዩን እናወጣለን። አንድ ድርጅት 100 ሚሊዮን ካፒታል አለው እንበል። 60 ሚሊዮኑ የባለአክሲዮኖች ነው፤ እነሱ 20 በመቶ ይፈልጋሉ። 40 ሚሊዮኑ ብድር ነው፤ ወለዱ 15 በመቶ። ግብርን ከተውነው 12 ሲደመር 6፣ ዋኩ 18 በመቶ ይሆናል።

አሁን ግብሩን እናስገባ። ለባለአክሲዮን የሚከፈል የትርፍ ድርሻ ግብር አይቀንስም። ወለድ ግን ትርፉ ከመገበሩ በፊት ይቀነሳል። ድርጅታችን በዓመት 6 ሚሊዮን ወለድ ይከፍላል። የትርፍ ግብሩ 30 በመቶ ከሆነ፣ በወለዱ ምክንያት 1.8 ሚሊዮን ግብር ይቀርለታል። ስለዚህ ብድሩ የሚያስከፍለው 15 ሳይሆን 10.5 በመቶ ነው። ዋኩም ወደ 16.2 በመቶ ይወርዳል። ልብ በሉ፤ ከ18 ወደ 16.2 ያወረደችን ያችው 1.8 ሚሊዮን ናት። ቅናሹ እዚህ ላይ ተቆጥሮ አልቋል።

ታዲያ ምን ሆነ? ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው ድርጅት ውስጥ አንድ ፕሮጀክት ቀረበ። ቁጥሮቹን ለዛሬ እንዲመቹ አቅልያቸዋለሁ፤ ስህተቱ ግን ራሱ ነው። ፕሮጀክቱ 90 ሚሊዮን ይፈጃል። ከወለድና ከግብር በፊት በየዓመቱ 20 ሚሊዮን ያስገኛል፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ያለ ማብቂያ። ትክክለኛው ስሌት አጭር ነው። ብድር እንደሌለ አድርገን ከ20 ሚሊዮኑ 30 በመቶ ግብር እናነሳለን፤ 14 ሚሊዮን ይቀራል። ለ16.2 በመቶ ስናካፍለው 86.4 ሚሊዮን ይመጣል። ከ90 ያንሳል። አያዋጣም።

ኮሚቴው ፊት የቀረበው ቁጥር ግን 96.4 ነበር! ተጨበጨበ፣ ጸደቀ። እኔ ፋይሉን የከፈትኩት ከዚያ በኋላ ነው። የግብሩን ሴል ስነካው ከትርፍና ኪሳራ መግለጫው ጋር ተያይዟል። የ36 ሚሊዮን ብድር ወለድ፣ 5.4 ሚሊዮን፣ መጀመሪያ ተቀንሶ ነው ግብሩ የተሰላው። እናም 1.62 ሚሊዮን የግብር ቅናሽ በገንዘብ ፍሰቱ ላይ ተጨመረ። ያው ቅናሽ ደግሞ ዋኩ ውስጥ ቀድሞ ተቀምጧል። 1.62 ለ16.2 በመቶ ሲካፈል ድፍን 10 ሚሊዮን ነው።

10 ሚሊዮን ከሰማይ አይወርድም! ግብር ሰብሳቢው የተወልን አንዴ ነው፤ እኛ ሁለቴ ወሰድን። ፕሮጀክቱ የሚጠበቅበትን ሳያመጣ ሲቀር ጥፋቱ የገበያው ነው ተባለ። የገበያው አልነበረም። የዚያች ሴል ነበር! ለኃላፊዎቹ ስነግራቸው «አንዴ ጸድቋል» አሉኝ። የፋይናንስ ሊቃውንቱ ሞዲግሊያኒና ሚለር እንኳ እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳተሙትን ሥራ የግብሩን ጉዳይ በ1963 በይፋ አርመውታል። እኛ አንዲት ሴል ማረም ለምን ያሳፍረናል?

መለያው ቀላል ነው። ፋይሉ ውስጥ ገብታችሁ የብድሩን ድርሻ ከ40 ወደ 10 በመቶ ቀይሩት። ዋኩ ይንቀሳቀሳል፤ መንቀሳቀስም አለበት። የገንዘብ ፍሰቱ መስመር ግን ንቅንቅ ማለት የለበትም። እሱም ከተንቀሳቀሰ ወለዱ ሾልኮ ገብቷል ማለት ነው።

ሌላም ልጨምር። ይህ ቅናሽ የሚገኘው የሚገበር ትርፍ ሲኖር ብቻ ነው። የመጀመሪያው ድርጅታችን ትርፉ ከወለድ በፊት 4 ሚሊዮን ብቻ ቢሆን፣ ከ6 ሚሊዮን ወለዱ 4ቱ ብቻ ነው ግብር የሚያስቀርለት። ያ 1.2 ሚሊዮን ነው። የተረፈውን ሕጉ ከፈቀደ ወደፊት ያሻግረዋል፤ የዘገየ ብር ደግሞ ዋጋው ያንሳል። ኪሳራ ላይ ላለ ድርጅት 10.5 በመቶ ብሎ መጻፍ ያላገኙትን መቁጠር ነው። ብዙ አገሮችም የሚቀነሰው ወለድ ላይ ጣሪያ አድርገዋል። ሕጉን ሳታዩ 30 በመቶውን አታባዙ።

ክብደቶቹን በተመለከተ ባጭሩ፦ ከመዝገብ ዋጋ ይልቅ የገበያ ዋጋን ተጠቀሙ። ስለ ባለአክሲዮኖቹ 20 በመቶ አመጣጥ ከሰዓት በኋላ የሚናገሩ አሉ፤ ለእነሱ እተወዋለሁ።

የያዛችሁትን ፋይል ዛሬውኑ ክፈቱና የግብሩን ሴል ንኩት። ቁጥሩ ከወለድ በኋላ ካለው ትርፍ የመጣ ከሆነ፣ በሻይ ሰዓት ይዛችሁልኝ ኑ፤ አብረን እናስተካክለዋለን።

አመሰግናለሁ።