«ጓደኛህ ማን ሞተበት?»

ሙሉቀን፦ ጤና ይስጥልን፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬም ከደብረ ማርቆስ ነን። ያስታወቅነው ርዕስ የወጣቶች የፀጉር ቆረጣ ነው። ፌዱ፣ ጎኑን ዜሮ አድርጎ አናቱን መተው፣ እሱን እናወራለን። ግን ይበልጣል፣ መጀመሪያ ያንን የፂምህን ነገር ንገራቸው።

ይበልጣል፦ እሱን ከጀመርኩ አልጨርስም።

ሙሉቀን፦ ጀምረው እንጂ። ያን ሰሞን ያየህ ሰው ሁሉ ሲጠይቅ የነበረው እኔን ነው። «ጓደኛህ ማን ሞተበት?»

ይበልጣል፦ አየህ፣ በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ፂሙን ሲለቅ መጀመሪያ የሚታሰበው ሐዘን ነው። አባቴ ሲያርፍ እኔም ወንድሞቼም እስከ አርባው ድረስ ምላጭ አላስነካንም። አርባው ሲወጣ አጎቴ ራሱ ነው እየነዳ ፀጉር ቤት የወሰደን። ስለዚህ የጠየቀኝ ሰው ላይ አልፈርድም። የአሁኑ ግን ሐዘን አልነበረም። ብጉር ነው።

ሙሉቀን፦ የምላጭ ብጉር።

ይበልጣል፦ አዎ። አንገቴ ላይ፣ ከአገጬ ሥር። በየሦስት ቀኑ በምላጭ እላጭ ነበር፣ ያውም ከታች ወደ ላይ፣ ቆዳዬን ወጥሬ፣ ሁለቴ እየደጋገምኩ። ልስልስ እንዲል። በማግስቱ ያሳክካል፣ ከዚያ ያብጣል። እኔ ደግሞ ምላጩ አልሳለም ብዬ የባሰ አጥብቄ እላጫለሁ። ጤና ጣቢያ ስሄድ ባለሙያዋ በእጅ ባትሪ አየችው። መስተዋት ሰጠችኝና «ይቺን እያት» አለችኝ። እብጠቱ ውስጥ ጥቁር ክር የመሰለ ነገር ተጠቅልሎ ይታያል። የራሴ ፂም ነው!

ሙሉቀን፦ ወደ ውስጥ የበቀለ?

ይበልጣል፦ ወደ ውስጥ የተመለሰ። ጉዳዩ እንዲህ ነው። የእኛ ፂም አብዛኛው ከርዳዳ ነው፣ ሲያድግ ይጠቀለላል። ምላጭ ጫፉን አሹሎ ነው የሚቆርጠው። ቆዳውን ወጥረህ ስትላጭ ደግሞ ፀጉሩ ከቆዳው በታች ይቆረጣል። ቆዳውን ስትለቀው ያ ሹል ጫፍ ውስጥ ይቀራል። ሲያድግ ቀጥ ብሎ መውጣት ትቶ የውስጡን ሥጋ ይወጋል። ከቆዳ በላይ የተቆረጠውም ቢሆን ይጠቀለልና ተመልሶ ይገባል። ሰውነት እንደ እሾህ ነው የሚቆጥረው፣ ያብጥበታል። ሉጫ ፂም ያለው ሰው ይህ ብዙም አያገኘውም።

ሙሉቀን፦ ስለዚህ ንጽሕና ጉድለት አይደለም ማለት ነው።

ይበልጣል፦ አይደለም! እንዲያውም የሚብሰው አጥብቆ በሚላጨው ላይ ነው። ሰው ግን ሲያይህ «ይህ ሰው ፊቱን አይታጠብም፣ ወይ የሚተላለፍ ነገር አለበት» ይላል። ቡና ቤት አጠገቤ ተቀምጦ የነበረ ሰው ወንበሩን ሲያርቅ አይቻለሁ። አይተላለፍም፣ የራስህ ፀጉር ነው።

ሙሉቀን፦ እና ተወው አለችህ?

ይበልጣል፦ አራት ሳምንት ምላጭ እንዳታስነካው አለችኝ። ፀጉሩ ረዘም ሲል ራሱ ተስቦ ይወጣል። በወረንጦ መንቀል ክልክል ነው፣ ከሥሩ ሲበቅል እንደገና ይወጋል። ጫፉ ከላይ የሚታየውን ብቻ በንጹሕ መርፌ ቀና ታደርገዋለህ፣ አትነቅለውም። ጠዋት ጠዋት ለብ ያለ ውኃ በፎጣ። በቃ። ቀላል ነው አይደል? ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ።

ሙሉቀን፦ መጣ እንግዲህ።

ይበልጣል፦ የእናቴ የድሮ ጎረቤት የሆኑ ቅመም የሚሸጡ እትዬ አሉ። ከሩቅ አዩኝ። አልተነፈሱም። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። «ልጄ፣ እናትህ ናት?» አሉኝ። እኔ ደግሞ እናቴን ጠየቁኝ ብዬ «አዎ እናቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ፤ ደህና ናት ማለቴ ነው። እሳቸው የሰሙት ሌላ ነው። ማታ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለለቅሶ ቤት ድረስ መጡ። በሩን የከፈተችላቸው ራሷ እናቴ ናት።

ሙሉቀን፦ ወይ እመቤቴ!

ይበልጣል፦ እናቴ ሳምንት አላናገረችኝም። «በቁሜ አስለቀስክብኝ» አለች። ለእሷ ሰው ሳይሞት ፂም መልቀቅ ሟርት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ እኔ ላይ ብቻ እንደማይቆም የገባኝ። ባለቤቴንም ይመለከቷት ጀመር። «ተጎሳቆለ፣ ቤቱ ሰላም የለም» ተባለ። አለቃዬ ለብቻዬ ጠርቶ ብድር ይኖርብኝ እንደሆነ ጠየቀኝ፣ በደግነት ነው። እኔ የፈራሁት ግን ይጠጣል እንዳይሉ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሸሚዜን መተኮስ ጀመርኩ። ለፂሜ ማካካሻ።

ሙሉቀን፦ እኔ ብሆን ለሁሉም እነግራቸው ነበር። ብጉር ነው፣ በቃ።

ይበልጣል፦ ለስንቱ? ለገበያው ሁሉ አንገቴን ላሳይ?

ሙሉቀን፦ ካልነገርክ ራሳቸው ይሞሉታል። አየህ አይደል የሞሉትን።

ይበልጣል፦ ለአለቃዬ መንገር ነበረብኝ፣ እሺ። ለእናቴም። ለሌላው ግን አልልም።

ሙሉቀን፦ እኔ አሁንም ለሁሉም ነው የምለው። ደግሞ ፀጉር መልቀቅ ሁልጊዜ መጎሳቆል ተደርጎ አይታይም ነበር። በጣሊያን ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ እዚሁ ጎጃም ጫካ የገቡት አርበኞች ጎፈሬያቸውን ለቀው ነው የኖሩት። በፎቶ ስታያቸው ያንን ጎፈሬ ማን ችላ ማለት ይለዋል?

ይበልጣል፦ እውነት ነው። ግን እነሱን ያየ ሰው ምክንያቱን ያውቃል። የእኔን ማን ያውቃል?

ሙሉቀን፦ እሱስ ልክ ነህ። አሁንስ? ፂም አለህ፣ ግን ማንም አይጠይቅህም።

ይበልጣል፦ ምክንያቱም ዳሩ ተስተካክሏል። ሰው ርዝመቱን አይደለም የሚያየው፣ ዳሩን ነው። ጉንጭና አንገት ላይ ዳር ካለው «ፂም ያምርበታል» ይባላል፣ ዳር ከሌለው «ማን ሞተበት»። የእኔ ችግር ብጉሩ ያለው እዚያው አንገቱ ላይ መሆኑ ነው። ፀጉር ቤት ስትገባ ልጁ ጉንጭህን በማሽን ይሠራና ለዳሩ ምላጭ ያወጣል። ያኔ ነው «ምላጭ አይንካኝ» ማለት ያለብህ። ዳሩንም በማሽን ያውጣው፣ ሳይጫን፣ ፀጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ። አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ከቀረ ተጠቅልሎ የሚመለስበት ዕድል ጠባብ ነው። እንደ ምላጭ ልስልስ አይልም፣ ይከረክራል። እሱን ለምደዋለሁ።

ሙሉቀን፦ ጠቆር ጠቆር ያለው ነገርስ?

ይበልጣል፦ እሱ ወራት ይፈጃል፣ አልጠፋም ገና። ቶሎ ይጥፋ ብሎ ቆዳ የሚያቀላ ቅባት መቀባት ሌላ ጣጣ ነው። መግል ከያዘ፣ ወይ ማጅራትህ ላይ ጠጠር ጠጠር እያለ ጠባሳው ካደገ ደግሞ ጤና ጣቢያ ነው፣ ፀጉር ቤት አይደለም።

ሙሉቀን፦ ማጅራት ካልክ ወደ ፌዱ እንመለስ። ወጣቶቹ ማጅራታቸውን በየሳምንቱ በምላጭ ነው የሚያስጠርጉት።

ይበልጣል፦ ጸጉሩ ከርዳዳ ከሆነ እዚያም ያው ነው። ዜሮውን በማሽን ይሥሩት፣ ምላጩን ይተዉት።

ሙሉቀን፦ ፌዱ ግን በምላጭ ካልተጠረገ አያምርም ይላሉ።

ይበልጣል፦ ያምራል። ልዩነቱ የሚታየው ሦስት ቀን ብቻ ነው።

ሙሉቀን፦ አንድ ቀን ነው ለእነሱ፣ የሠርጉ ቀን። የወንድሜ ልጅ ቅዳሜ ሚዜ ነው፣ እስኪ አንተው ንገረው።

ይበልጣል፦ ስልኩን ስጠኝ። እናቴም ሰላም ትበለው፣ አሁን ታናግረኛለች።