ሁለቱ ትውልዶች፦ ከሞስና ከፈርን እስከ ቡና ፍሬ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ተማሪዎችና እንግዶች፤

በእርጥብ ግንብ ላይ ምንጣፍ መስሎ የሚወጣው ሞስ፣ ከፏፏቴ አጠገብ ካለ ቋጥኝ ላይ የሚንጠለጠለው ፈርን እና በጓሯችን የምናበቅለው ቡና ከውጭ ሲታዩ የሚያገናኛቸው ነገር ያለ አይመስልም። የሕይወታቸው ጉዞ ግን በአንድ ሥርዓት ይመራል። እያንዳንዳቸው ሁለት የተለያዩ አካላትን እየተፈራረቁ ይኖራሉ፤ አንደኛው አካል ስፖር ያፈራል፣ ሁለተኛው ደግሞ የወንዴና የሴቴ ሕዋሳትን ያፈራል። ስፖር የሚያፈራውን ስፖሮፋይት፣ ሌላውን ጋሜቶፋይት እንለዋለን። ዛሬ የምነግራችሁ ከእነዚህ ሁለት ትውልዶች ትንሹ የትኛው እንደሆነ፣ የት እንደተደበቀ እና በዘር በሚራቡ ተክሎች ውስጥ ምን እንደደረሰበት ነው።

ወደ ተክሎቹ ከመግባቴ በፊት በክፍል ውስጥ ደጋግሜ ያገኘሁትን አንድ ስሕተት ማንሳት አለብኝ፤ እርሱ ካልታረመ የሚቀጥለው ሁሉ አይጨበጥምና። ተማሪዎቻችን ስለ እንስሳት ሲማሩ ሚዮሲስ የሚባለው፣ የክሮሞዞምን ቁጥር በግማሽ የሚቀንሰው ክፍፍል፣ በቀጥታ የወንዴ ዘር ወይም እንቁላል እንደሚሰጥ ያውቃሉ፤ ያንኑም ሳያስተውሉ ወደ ተክል ይዘውት ይመጣሉ። በተክል ግን የሚዮሲስ ውጤት ስፖር ነው። ስፖር ደግሞ ከሌላ ሕዋስ ጋር መዋሐድ ሳያስፈልገው ብቻውን ይበቅልና ራሱን የቻለ አካል ይሆናል፤ ያም አካል ጋሜቶፋይቱ ነው። ይህ አካል ቀድሞውኑ ግማሽ ቁጥር ስላለው የወንዴና የሴቴ ሕዋሳቱን የሚሠራው ቁጥር በማይቀይረው ተራ ክፍፍል፣ በማይቶሲስ ነው። ሁለቱ ሲዋሐዱ ቁጥሩ እንደገና ይሞላል፤ ስፖሮፋይቱም ከዚያ ይጀምራል። እንግዲህ በእንስሳ ሚዮሲስና መዋሐድ ጎን ለጎን ሲሆኑ፣ በተክል በሁለቱ መካከል አንድ ሙሉ ትውልድ ይኖራል።

ሞስ ይህን ትውልድ በግልጽ ያሳየናል። በግንቡ ላይ የምናየው አረንጓዴ ቅጠላም አካል ጋሜቶፋይት ነው። በቤተ ሙከራ ብዙ የተጠናው ፊስኮሚትሪየም ፓተንስ የተባለው ሞስ በቅጠሎቹ ሕዋስ ውስጥ 26 ክሮሞዞም አለው። ዝናብ ወይም ጤዛ ሲያርፍበት ሁለት ጅራት ያለው የወንዴ ሕዋስ በውሃው ስስ ሽፋን ውስጥ እየዋኘ ጠርሙስ በመሰለው የሴቴ አካል ውስጥ ወዳለው እንቁላል ይደርሳል። ከውሕደቱ የሚወጣው 52 ክሮሞዞም ያለው ስፖሮፋይት እናቱን ጥሎ አይሄድም። እግሩን በእርሷ ውስጥ ተክሎ፣ ውሃና ምግብ ከእርሷ እየተቀበለ፣ በጫፉ ላይ ስፖር የተሞላ ትንሽ ከረጢት ያበቅላል። በአብዛኞቹ ሞሶች ይህ ከረጢት በቀጭን ዘንግ ላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በግንብ ላይ ያለ ሞስ ቡናማ ፀጉር የመሰለ ነገር ሲያወጣ ካያችሁ፣ ያያችሁት እናቲቱ የልጅ ትውልዱን በላይዋ ተሸክማ ቆማ ነው።

ፈርን ይህን ሚዛን ገለበጠው። ከፏፏቴ አጠገብ፣ ውሃ በሚንጠባጠብበት ቋጥኝ ላይ፣ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ቀጭን ግንድና አነስተኛ ማራገቢያ የመሰሉ ቅጠሎች ያሉት አዲያንተም ካፒለስ ቬኔሪስ የተባለ ፈርን ይገኛል፤ በአገራችንም ይበቅላል። የምናየው ተክል ስፖሮፋይቱ ነው፣ 60 ክሮሞዞምም አለው። ቅጠሉን ገልብጣችሁ ብትመለከቱ ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፎ ስፖር የሚሠሩትን ጥቃቅን ከረጢቶች ሸፍኖ ታገኛላችሁ። በአንድ ከረጢት ውስጥ በተለመደው ሁኔታ 16 እናት ሕዋሳት በሚዮሲስ ይከፈሉና 64 ስፖሮች ይሆናሉ፣ እያንዳንዳቸውም 30 ክሮሞዞም ይይዛሉ። ከረጢቱ ሲደርቅ በጀርባው ያለው የወፍራም ሕዋሳት ቀለበት እንደ ወንጭፍ ተስፈንጥሮ ስፖሮቹን ይበትናል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የሚያይ ሰው ጥቂት ነው። ስፖሩ በእርጥብ አፈር ላይ ሲያርፍ ፈርን አያበቅልም። የሚያበቅለው ከመሬት ጋር ተጣብቆ የሚኖር፣ የልብ ቅርጽ ያለው፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ አረንጓዴ ስስ ቅጠል መሰል ነገር ነው። ይህ ጋሜቶፋይቱ ነው፤ ሥር፣ ግንድና የውሃ መተላለፊያ ቧንቧ የለውም፣ ነገር ግን ምግቡን ራሱ ይሠራል፣ ከወላጁም ምንም አይጠይቅም። የአትክልት ሠራተኞች አፈሩን ያበላሸ አልጌ እየመሰላቸው ጠርገው ሲጥሉት አይቻለሁ፤ በእኔ እምነት በተክል ዓለም ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ባለማወቅ የሚጠፋው አካል እርሱ ነው።

ይህን በቤት ውስጥ መመልከት ይቻላል። የደረሰ ቅጠል ወስዳችሁ የተሸፈነውን ጎን ወደታች አድርጋችሁ በነጭ ወረቀት ላይ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ተዉት፤ ቡናማ ዱቄት ይቀራል። በፈላ ውሃ ተቃጥሎ በቀዘቀዘ አፈር ላይ ዱቄቱን በስሱ ነስንሱ፣ በሚያሳይ ላስቲክ ሸፍኑ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ ከማያገኘው ብርሃን ዘንድ አስቀምጡ። አፈሩ በፈላ ውሃ ካልታከመ ሻጋታና የሞስ ስፖር ቀድመው ይወርሱታል። በሳምንታት ውስጥ አረንጓዴ ሽፋን፣ ከዚያም ልብ መሰሎቹ ይታያሉ። ብዙዎች የሚቆሙት እዚህ ላይ ነው፦ ልቦቹ ለምለም ናቸው፣ ወራትም ያልፋሉ፣ ፈርን ግን አይወጣም። ምክንያቱን ለማወቅ ውሃው ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነው። ውሃ ከታች በሳህን ብቻ ከተሰጠ አፈሩ ይርሳል፤ በልቦቹ ሥር ግን የወንዴው ሕዋስ የሚዋኝበት የውሃ ንጣፍ አይኖርም። ብዙ ጅራቶች ያሉት ጥምዝምዝ የወንዴ ሕዋስ ከእንቁላሉ አጠገብ ቢሆንም እንኳ አይደርስበትም። ከላይ በረቂቅ መርጫ ውሃ ብትረጩባቸው ከልቡ ስርጉድ አጠገብ የመጀመሪያው ትንሽ ቅጠል ቀጥ ብሎ ሲወጣ ታያላችሁ። ያ አዲሱ ባለ 60 ክሮሞዞም ስፖሮፋይት ነው። ለጥቂት ጊዜ ከልቡ ይመገባል፣ ሥር ሲሰድ ልቡ ይጠወልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ገደብ ማስቀመጥ ይገባኛል። የክሮሞዞም ቁጥር ብቻውን የትውልዱን መልክ ይወስናል ብለን መደምደም አንችልም። እንደ ፕቴሪስ ክሬቲካ ያሉ ፈርኖች ያለ ምንም ውሕደት ከጋሜቶፋይቱ ሕዋስ በቀጥታ ስፖሮፋይት ያበቅላሉ፤ በእነርሱ ዘንድ ሁለቱም ትውልዶች እኩል ቁጥር አላቸው፣ ነገር ግን አንዱ ልብ፣ አንዱ ፈርን ነው።

እነዚህ ሁሉ የአንድ ሥርዓት መልኮች መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ1851 በመጽሐፍ ያስረዳው ቪልሄልም ሆፍማይስተር ነው። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 27 ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አልነበረውም፤ በላይፕሲግ ከተማ በአባቱ የሙዚቃ ኅትመት ድርጅት እየሠራ በትርፍ ጊዜው በአጉሊ መነጽር ያጠና ነበር። ሞስን፣ ፈርንን እና የጥድ ዓይነት ዛፎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ በዘሩ ውስጥ የተደበቀው ሕብረ ሕዋስ የፈርኑ ልብ ወገን መሆኑን አሳየ። ክሮሞዞም ገና ስሙ እንኳ ባልተሰጠበት ዘመን ይህን ማየቱ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። እ.ኤ.አ. በ1896 ደግሞ በቶኪዮ ሳኩጎሮ ሂራሴ የጊንጎ ዛፍ፣ ዘር አፍሪ ሆኖ ሳለ፣ የሚዋኝ የወንዴ ሕዋስ እንዳለው አገኘ፤ ከፈርን ጋር ያለው ዝምድናም በዓይን ታየ።

ታዲያ በዘር አፍሪዎቹ ምን ተለወጠ? ስፖሩ ከቤት መውጣቱን ተወ። በጽዳችንና በዝግባችን የሴቴው ስፖር ከወላጁ ሳይለይ እዚያው ይበቅላል፤ ጋሜቶፋይቱም በወላጁ ውስጥ ተዘግቶ፣ በወላጁ እየተመገበ ያድጋል። የወንዴው ስፖር ደግሞ በነፋስ ተጉዞ ይመጣል፤ እርሱ የአበባ ዱቄት የምንለው ነው። ስለዚህ የዱቄቱ ቅንጣት የወንዴ ዘር ነው ማለት ትክክል አይደለም፤ ቅንጣቱ የወንዴው ሕዋስ የሚወለድበት፣ በጥቂት ሕዋሳት የቀረ ሙሉ ትውልድ ነው። ቱቦ አብቅሎ የወንዴ ሕዋሳቱን እስከ እንቁላሉ ደጅ ስለሚያደርሳቸው መዋኛ ውሃ አያስፈልግም። የጽድና የዝግባ ዘር ፅንሱን የሚመግበው ስንቅም ያው ግማሽ ቁጥር ያለው የሴቴ ጋሜቶፋይት ነው።

በቡና የሴቴው ትውልድ ከዚህም አንሷል። የአረቢካ ቡና ዛፍ 44 ክሮሞዞም አለው። በአበባው እንቁላል ማኅደር ውስጥ አንድ ሕዋስ በሚዮሲስ ለአራት ይከፈላል፣ ሦስቱ ይሞታሉ፣ የቀረው ባለ 22 ሕዋስ ሦስት ጊዜ አስኳሉን ከፍሎ ሰባት ሕዋስና ስምንት አስኳል ያለው ትንሽ ከረጢት ይሆናል። ከአስኳሎቹ ሁለቱ በመሐል ባለ አንድ ሕዋስ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ያ ሁሉ ነገር፣ በሞስ ግንቡን የሸፈነው፣ በፈርን ልብ መስሎ የተዘረጋው ትውልድ፣ እዚህ ሰባት ሕዋስ ነው። ቱቦው ሁለት የወንዴ ሕዋሳት ያመጣል፤ አንዱ ከእንቁላሉ ጋር ተዋሕዶ 44 ያለውን ፅንስ ይጀምራል፣ ሌላው ከመሐሉ ሁለት አስኳሎች ጋር ተዋሕዶ ሦስት ጊዜ 22፣ ማለት 66 ክሮሞዞም ያለውን ኢንዶስፐርም የተባለ የፅንሱን ስንቅ ይጀምራል። ይህ ስንቅ ከውሕደት በኋላ የሚሠራ በመሆኑ ከሁለቱ ትውልዶች ከአንዱም አይቆጠርም።

የምንቆላው የቡና ፍሬ አብዛኛው ክፍል ይህ ባለ 66 ስንቅ ነው። ፅንሱን ማየት የሚፈልግ ሰው ያልተቆላ ቡና ወስዶ ለአንድ ቀን ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፍ፤ ከዚያ በክብ ጀርባው በኩል ወደ አንደኛው ጫፍ በስለት በቀስታ ቢከፍተው፣ በጠንካራው ሥጋ መካከል ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ነጭ ነገር ተጋድሞ ያገኛል። እርሱ የሚቀጥለው ስፖሮፋይት፣ ገና ያልበቀለው የቡና ዛፍ ነው።