አምስት ጓደኛ፣ አንድ ፊልም

ሰላም፦ ሐዋሳ ውስጥ ቅዳሜ ማታ ጓደኛሞች አንድ ቤት ሲሰበሰቡ ጭቅጭቁ ከፊልም ምርጫ ይጀምራል። መፍትሔው ምንድን ነው ትላለህ?

ዳዊት፦ ጥያቄውን መለወጥ ነው። «ምን እንይ?» ከተባለ ሁሉም ላነሣው ፊልም ጠበቃ ሆኖ ይቆማል። እኔ የምጠይቀው «ዛሬ ማታ የማትችሉት ምንድን ነው?» ብዬ ነው።

ሰላም፦ እኛ ቤት ስንሰበሰብ አንዷ «ግድያ አላይም» አለች። አንዱ በማለዳ ሥራ ስላለበት ከሁለት ሰዓት በላይ አይቀመጥም። የሕንድ ፊልም የምትወደው ልብ የማይነካ ነገር አትፈልግም፤ ድብድብ የሚወደው ደግሞ የሚያንቀላፋ ታሪክ አይችልም።

ዳዊት፦ ምርጫቸው ሊታረቅ አይችልም፤ ክልከላቸው ግን እርስ በርሱ አይጋጭም። ስለዚህ ሲድኒ ሉሜት በ1957 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀውን «12 አንግሪ ሜን» አቀረብኩ። ርዝመቱ 96 ደቂቃ ነው፤ ግድያው ይወራል እንጂ አይታይም።

ሰላም፦ ጥቁርና ነጭ መሆኑን ሲሰማ ግን ድብድብ ወዳዱ ፊቱን አዞረ።

ዳዊት፦ ለዚህ ነው አስቀድመን የተስማማነው፤ 20 ደቂቃ እናያለን፣ ሁለት ሰው ካልወደደው እንቀይራለን። ሁለተኛው ፊልም አስቀድሞ ካልተመረጠ ግን ስምምነቱ ዋጋ የለውም፤ ጭቅጭቁ እንደገና ይጀመራል።

ሰላም፦ ደግነቱ መቀየር አላስፈለገም። በፊልሙ አባቱን ገድሏል በተባለ ወጣት ላይ ከተራው ሕዝብ የተመረጡ 12 ዳኞች ይወስናሉ፤ ጥፋተኛ ከተባለ ይሞታል፤ ውሳኔው ደግሞ የሁሉንም ስምምነት ይፈልጋል። በመጀመሪያው ድምፅ 11ዱ ጥፋተኛ ሲሉ አንዱ ብቻ እምቢ አለ።

ዳዊት፦ የተለያየ ሰው አብሮ የሚይዘው እንዲህ ያለ ፊልም ነው፤ «ይህ ሰው 11ዱን ያሳምን ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ገና ከጅምሩ ለሁሉም ግልጽ ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የራሱን ያገኝበታል።

ሰላም፦ እውነት ነው። የግድያው ቢላዋ ሌላ አምሳያ እንደሌለው ሲነገር ቆይቶ፣ እምቢ ያለው ዳኛ ልክ ያንኑ የሚመስል ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ይሰካዋል። ድብድብ ወዳዱ እዚያ ላይ ከሶፋው መደገፊያ ቀና ብሎ ወደ ፊት ተጠጋ። የሕንድ ፊልም ወዳዷን የያዛት ግን ከገዛ ልጁ ጋር የተጣላው ዳኛ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም።

ዳዊት፦ ይህ ፊልም ለሁሉም ስብስብ አይሆንም፤ ይህን በግልጽ ልናገር። ከዳር እስከ ዳር ንግግር ነው። ዓሣ ጥብስ እየበላችሁ፣ እየተጨዋወታችሁ ከሆነ ክርክሩ ያመልጣችኋል።

ሰላም፦ እኛ ቀድመን በላን።

ዳዊት፦ እንግሊዝኛውን የማይከታተል፣ ከታች ያለውንም ጽሑፍ አንብቦ የማይደርስ አንድ ሰው እንኳ ካለ ሌላ ፈልጉ፤ በአማርኛ የተሠራ፣ ወይም ታሪኩ ያለ ንግግር ከምስሉ የሚገባ ይሁን። ይህን ደግሞ ፊልሙ ከመከፈቱ በፊት ጠይቁ፤ መሐል ላይ «አልገባኝም» ለማለት የሚደፍር ጥቂት ነው።